ከገላን ለሚነሱ አምስት ጓደኛሞች፦ ባቦጋያ፣ ባቱ ወይስ አባ ሳሙኤል?

ጥያቄ፦ «ሰላም፣ አምስት ጓደኛሞች ነን፣ ገላንና ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው ምንኖረው። ታህሳስ ውስጥ አንድ ዊኬንድ ውሃ ዳር ሄደን አሳ ማጥመድ፣ ጀልባ ላይ መውጣትና ማታ ረጋ ብለን መጨዋወት ፈልገናል። አንዱ ቢሾፍቱ ይላል፣ አንዱ ባቱ፣ አንዱ ደግሞ አባ ሳሙኤል እዚሁ አጠገባችን እያለ ምን አስኬደን ይላል። የቱ ይሻላል? አሳ አጥምዶ የሚያውቅ ከመሀላችን የለም።»

ምላሽ፦

ሰላም ወንድሜ። እኔ ሥራዬ ከሐይቅና ከአሳ ጋር ስለሆነ ይሄ ጥያቄ በየዓመቱ ጥቢ ሲወጣ ይመጣልኛል። ለእናንተ ቢሾፍቱ ነው ምመርጥላችሁ፣ ከቢሾፍቱ ሐይቆችም ባቦጋያን፣ ግን ታህሳስ ስለሆነ ከመነሳታችሁ ሁለት ቀን በፊት ደውላችሁ ማጣራት ያለባችሁ አንድ ነገር አለ፣ እሱ ላይ መልሱ መጥፎ ከሆነ ወደ ባቱ ታዞራላችሁ። አባ ሳሙኤል ግን ይቅርባችሁ።

ከአባ ሳሙኤል ልጀምር፣ ቶሎ ያልቃል። ግድቡ በ1930ዎቹ ለመብራት ኃይል የተሠራ ነው፣ ሲያዩት ውሃው ሰፊ ነው፣ ወፉም ብዙ ነው፣ ለእናንተ ደግሞ በእጅ ሊነካ የሚደርስ ቅርብ ነው። ችግሩ የሚሞላው በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወንዝ መሆኑ ነው፣ እነሱ ደግሞ የከተማውን ፍሳሽና የፋብሪካውን ቆሻሻ ይዘው ነው ሚወርዱት። እዚያ ቆሻሻው ይረጋል፣ ጭቃው ውስጥ ይቀመጣል፣ አሳው ከዚያው ጭቃ ላይ ይመገባል። አሳው ቢነክስላችሁ እንኳን መብላት የለባችሁም፣ እምቦጩ ደግሞ ጀልባውን አያስኬድም። ሌላ ሰው ገፈርሳ ወይም ለገዳዲ ቢላችሁም አይሆንም፣ የከተማው የመጠጥ ውሃ ነው፣ መዝናኛ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እናንተ የፈለጋችሁት ሦስት ነገር ነው፣ አሳ፣ ጀልባና ማታ። ሰው ሦስቱንም በአንድ ቀን ለማግኘት ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይነሳል፣ 5 ሰዓት ይደርሳል፣ ምሳ ይበላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ 8 ወይ 9 ሰዓት ላይ ጀልባ ይሳፈራል። ይሄኔ ነው ነፋሱ ሚነሳው። በበጋ ወቅት እዚህ አካባቢ ያሉ ሐይቆች ላይ ጠዋት ውሃው ፀጥ ይላል፣ ፀሐይዋ መሬቱን ካሞቀች በኋላ ነፋሱ ቀስ በቀስ ይነሳና ከሰዓት በኋላ ይበረታል፣ ወደ ማታ ነው መልሶ ሚበርደው። ስለዚህ በተነሳ ነፋስ ላይ ጀልባ ይዘዋል፣ አሳው መመገቢያው ሰዓት አልፎበታል፣ ማታውን ደግሞ ወደ ቤት ለመመለስ ይሯሯጣሉ። ሦስቱም በግማሽ ይቀራል። ከዚያ ሐይቁን ይወቅሳሉ፣ ሐይቁ ግን ምንም አላደረገም።

መፍትሔው ቀኑን መገልበጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ደርሳችሁ ማታውን መጀመሪያ ኑሩት፣ እዚያው እደሩ፣ ጀልባውንና አሳውን ለማግስቱ ጠዋት ተዉት። ይሄ ማለት ከሐይቁ ምርጫ በፊት የማደሪያው ምርጫ ይመጣል ማለት ነው፣ ከአልጋችሁ ተነስታችሁ በእግራችሁ ውሃው ጋ ምትደርሱበት ቦታ መሆን አለበት። «ሌክ ቪው» የሚል ማደሪያ ሁሉ ውሃው ጋ አያደርስም፣ በተለይ ቢሾፍቱ ላይ ይሄንን ልብ በሉ። የቢሾፍቱ ሐይቆች የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጡ ናቸው፣ ዙሪያቸው ገደል ነው፣ ሆቴሉ ከገደሉ ጫፍ ላይ ሆኖ ሐይቁን ያሳያችኋል እንጂ መውረጃ ላይኖረው ይችላል። ዳርቻውም አብዛኛው በሎጅና በግል ቤት አጥር የተያዘ ስለሆነ ከሌላ ቦታ አድራችሁ «ዝም ብለን እንወርዳለን» ብትሉ በር ላይ ትቆማላችሁ። ስትደውሉ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ከግቢው ወደ ውሃው ደረጃ አለ ወይ፣ ታች ላይ መቆሚያ የእንጨት ርብራብ ወይ ጠፍጣፋ ቦታ አለ ወይ፣ እንግዳ በመንጠቆ አሳ ማጥመድ ይፈቀድለታል ወይ፣ ጀልባው ከጠዋቱ ስንት ሰዓት ይጀምራል። የመጨረሻው ጥያቄ ላይ «ከ4 ሰዓት በኋላ» ካሏችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ፣ ወይም ጀልባ ቀዛፊውን ቀድማችሁ በስልክ ተስማሙ።

ለምንድነው ባቦጋያ ያልኩት? አንደኛ ቅርብ ነው፣ ከእናንተ ሰፈር በዱከም በአሮጌው መንገድም ሆነ ከቱሉ ዲምቱ በፈጣን መንገዱ ቅዳሜ የቤታችሁን ጉዳይ ጨርሳችሁ ከሰዓት ተነስታችሁ ማታው ሳይበላሽ ትደርሳላችሁ። ሁለተኛ ሐይቁ ትንሽ ነው፣ ዙሪያውን ገደሉ ይከልለዋል፣ ስለዚህ ነፋስ ቢነሳም ማዕበሉ የሚያድግበት ሜዳ የለውም፣ ለጀማሪ ጀልባ ተሳፋሪ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሆራ አርሰዲም ጥሩ ነው፣ ግን ለእሬቻ የሚመጣው ሰው ብዛት ስላለው መስከረም መጨረሻ አካባቢ ለረጋ ማታ አይሆንም፣ ታህሳስ ላይ ችግር የለውም። ቢሾፍቱ የሚባለው ከተማው መሀል ያለው ሐይቅ በጣም ጥልቅ ነው፣ ወደ 87 ሜትር ይደርሳል፣ ከላይ ሆኖ ለማየት ያምራል፣ ለአሳ ግን ዳርቻው ቶሎ ነው ገደል ሚገባው።

ባቦጋያም ቢሆን ጥልቀቱ 65 ሜትር ገደማ ነው፣ እና ጀማሪ የማያውቀው ነገር ይሄ ነው። ሰው መንጠቆ ሲይዝ ትልቅ አሳ መሀል ላይ ያለ ይመስለዋል፣ ባለው ጉልበት ይወረውራል። እንደዚህ ያለ ሐይቅ ውስጥ ግን ታችኛው ውሃ ኦክስጅን የለውም። ላይኛው ውሃ ፀሐይ ስላሞቀው ቀለል ይላል፣ ቅቤ ወጥ ላይ እንደሚንሳፈፈው ከታችኛው ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ተንሳፎ ይቀመጣል፣ ሁለቱ አይቀላቀሉም፣ ታችኛው ወራት ሙሉ አየር ሳያገኝ ይከርማል። አሳ እዚያ መኖር አይችልም። ስለዚህ እናንተ ምትይዙት ቆሮሶ የሚባለው አሳ ያለው ከላይ ባሉት ጥቂት ሜትሮች ነው፣ በተለይ ከዳርቻው አጠገብ፣ ሳሩና ድንጋዩ ባለበት፣ ትላትልና አልጌ በሚያገኝበት ቀጭን ቀበቶ ላይ። ከመቆሚያችሁ አምስት ስድስት ሜትር ወጣ ብላችሁ፣ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሜትር ጥልቀት ላይ ብታንጠለጥሉ በቂ ነው፣ ወደ ጥልቁ የወረወረ ሰው ቀኑን ሙሉ ባዶ መንጠቆ ሲጠብቅ ይውላል።

አሁን ያ ደውላችሁ አጣሩ ያልኩት ነገር። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ብርዱ ይበረታል፣ የሐይቁ ላይኛው ውሃ ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ ይከብዳል፣ ከታችኛው ጋር ክብደቱ ይቀራረባል፣ እና አንድ ነፋሻማ ሌሊት ሲመጣ ተለያይተው የነበሩት ሁለቱ ውሃዎች ይደባለቃሉ። ታች ታፍኖ የከረመው ኦክስጅን የሌለው ውሃ ጋዙን ይዞ ወደ ላይ ይመጣል። በቢሾፍቱ ሐይቆች ላይ በዚህ ወቅት አሳ በጅምላ ሞቶ ዳር ላይ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው፣ ሰው ብዙ ጊዜ «መርዝ ጨመሩበት» ይላል፣ በአብዛኛው ግን ውሃው ራሱ ነው የተገለበጠው። በየዓመቱ በዚያው ቀን ይመጣል ማለት አይደለም፣ ኃይሉም ከዓመት ዓመት ይለያያል፣ ለዚህ ነው ካላንደር ሳይሆን ስልክ ሚያስፈልገው።

በምን ታውቁታላችሁ? ሐሙስ ቀን ማደሪያው ጋ ደውሉና እንግዳ ተቀባዩን ሳይሆን ጀልባ የሚቀዝፈውን ወይም ግቢ የሚጠብቀውን ሰው አገናኙኝ በሉ። «ውሃው ቀለሙን ቀይሯል ወይ?» በሉት፣ ሁልጊዜ አረንጓዴ የነበረው ወደ ቡኒ ወይ ወደ ጥቁር ነገር ሄዶ ከሆነ አንድ ምልክት ነው። «ጠዋት ጠዋት ይሸታል ወይ?» በሉት፣ የበሰበሰ እንቁላል አይነት ሽታ ካለ ታችኛው ውሃ ወጥቷል። «አሳው ጎህ ሲቀድ አፉን ከውሃው በላይ አውጥቶ ሲያለከልክ ታያለህ ወይ?» በሉት። ይሄ ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ኦክስጅን በጣም የሚያንሰው ንጋት ላይ ነው፣ ምክንያቱም አልጌው ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ያመርታል፣ ሌሊት ግን እሱም ይጠቀማል። የታፈነ አሳ ወደ ላይ ወጥቶ የውሃውን ገጽ ይጠባል፣ ሰው ሲቀርበው አይሸሽም። እንደዚያ ያለ አሳ መንጠቆ አይነካም፣ ምግብ አያስበውም። ከሦስቱ አንዱ እንኳን ካለ አሳውን ከፕላኑ አውጡት፣ ማታውና ጀልባው ግን ይቆያል፣ ወይም ቀጥታ ወደ ባቱ ቀይሩ።

ደርሳችሁ ደግሞ ተንሳፎ የሞተ አሳ ብታገኙ እንዳትሰበስቡ። ትኩስ ይመስላል፣ ሰውም ይሸጥላችኋል። መቼ እንደሞተ ማንም አያውቅም። አሳ ስትገዙ ጉንጩን ገልጣችሁ ስንጥቡን እዩ፣ ደማቅ ቀይ መሆን አለበት፣ ግራጫ ወይ ቡኒ ከሆነ ተዉት። ሥጋውን በጣታችሁ ጫን አድርጉ፣ ጉድጓዱ ቶሎ ካልተመለሰ ተዉት። ዓይኑ ጎላ ብሎ ጥርት ያለ እንጂ ገብቶ የደፈረሰ መሆን የለበትም።

ባቱ ሌላ ዓይነት ውሃ ነው። ባቱ ላይ ያለው የዝዋይ ሐይቅ ከአራት መቶ ካሬ ኪሎሜትር በላይ ስፋት አለው፣ አማካይ ጥልቀቱ ግን ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ይሄ ሁሉንም ነገር ይለውጠዋል። ነፋሱ ሐይቁን እስከ ታች ድረስ ስለሚያማስለው ቢሾፍቱ ላይ የነገርኳችሁ ተለያይቶ መክረም እዚህ የለም፣ አሳውም በብዛት ነው ያለው፣ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ካርፕ፣ ሌላም። አሳ ማጥመዱ ከሁሉ ከበለጠባችሁ ከባቦጋያ ይሻላል። ግን ያው ነፋስ ሰፊና ጠፍጣፋ ውሃ ላይ ሲያገኝ አጭርና ቀጥ ቀጥ ያለ ማዕበል ያነሳል፣ ዝቅ ያለች ጀልባ ውስጥ ውሃ ያስገባል። ከሰዓት በኋላ እዚያ ጀልባ ላይ መውጣት አልመክርም። ቱሉ ጉዶ ደሴት፣ የዘይ ሕዝብ ያለበትና ጥንታዊው የማርያም ጽዮን ገዳም ያለበት፣ ልትሄዱ ካማራችሁ በሞተር ጀልባ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፣ ስለዚህ ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ ተነስታችሁ ከቀትር በፊት መመለስ አለባችሁ። ካልቻላችሁ ቀረብ ያሉት ደሴቶች ይበቃሉ።

ባቱ ላይ ማታው ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጉማሬ አለ። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፣ ሲመሽ ሳር ሊግጥ ይወጣል፣ በዳርቻው ሳርና ደንገል መሀል በለመደው መንገድ ነው ሚሄደው። በእሱና በውሃው መሀል የገባ ሰው ነው ሚጎዳው። ስለዚህ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ጨለማ ዳርቻ ላይ እሳት አንድደን እንቀመጥ ምናምን አይሆንም፣ ጨዋታው ሰው ያለበትና መብራት ያለበት ግቢ ውስጥ ይሁን። ወባም አለ፣ እጅጌው ረዥም ልብስና አጎበር ያለው አልጋ ያስፈልጋል። ሐይቁ ዳር ባለው ሳር መሀል እግራችሁን አትዘፍዝፉ፣ የብልሃርዝያ ቀንድ አውጣ አለበት። መዋኘት ከፈለጋችሁ ላንጋኖ ነው ሰው ሚዋኘው፣ ውሃው ቀይ ጭቃ ቢመስልም ከብልሃርዝያ ነፃ በመሆኑ የታወቀ ነው፣ ግን ለናንተ 200 ኪሎሜትር ገደማ ስለሆነ ለአንድ ሌሊት ይርቃል። በመንገድ ላይ ቆቃ ታገኛላችሁ፣ እዚያ ቁማችሁ ጥብስ አሳ መብላት ይቻላል፣ ውሃው ላይ አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰ የመሰለ ንጣፍ ካያችሁ ግን መርዛማ አልጌ ሊሆን ስለሚችል እጃችሁን እንኳን አትታጠቡበት፣ አሳውንም ሆድ ዕቃውን አትብሉ።

እንግዲህ ሐሙስ ደውላችሁ «ውሃው ደህና ነው፣ አሳውም ይንቀሳቀሳል» ተባላችሁ እንበል፣ ባቦጋያ ሆነ። ቅዳሜ 8 ሰዓት ላይ ተነሱ፣ 10 ሰዓት ሳይሞላ ዕቃ አስገብታችኋል። መጀመሪያ ወደ ውሃው ውረዱና መቆሚያውን እዩ፣ የሚወርደው ደረጃ በጨለማ ስለሚያስቸግር በብርሃን ልመዱት። ማታ አምባዛ መሞከር ትችላላችሁ፣ አምባዛ ሲመሽ ነው ሚንቀሳቀሰው፣ ከታች ከታች ይሄዳል። ሰብሰብ ብላችሁ ስትጫወቱ አንድ ወፍራም ክር፣ ትልቅ መንጠቆ፣ የዶሮ ጉበት ቁራጭ ወይ የአሳ አንጀት፣ ከዳርቻው ቅርብ ጣሉትና ጫፉን አንድ ነገር ላይ እሰሩት። እዚህም ቢሆን አትራቁ፣ ዳርቻው ላይ ያለው ታች ነው ሚፈለገው። ታህሳስ ማታ ቢሾፍቱ ይበርዳል፣ ሰው ሞቃት አገር ነው ብሎ በቲሸርት ይመጣል፣ ጃኬትና ጋቢ ያዙ፣ ለዚያ ለረጋ ማታ ከምንም ነገር በላይ ጋቢ ነው ሚያስፈልጋችሁ፣ ብርዱ ከገባባችሁ 3 ሰዓት ላይ ሁላችሁም ወደየአልጋችሁ ነው ምትሄዱት።

እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጀልባው። እስከ 2 ሰዓት ገደማ ውሃው መስታወት ነው፣ ቀዝፋችሁ ዞራችሁ ተመለሱ። ከመሳፈራችሁ በፊት ግን የሕይወት ጃኬቱን ቁጠሩ፣ አምስት ከሆናችሁ ከቀዛፊው ጋር ስድስት መሆን አለበት፣ መታጠቂያው የተበጠሰ ካለ እንደሌለ ቁጠሩት። ልበሱት፣ ከመቀመጫው ስር አታስቀምጡት፣ ምክንያቱም ይሄ ውሃ ዳርቻው ገደል ነው፣ ሁለት ሦስት ሜትር ከዳር ወጥቶ የወደቀ ሰው እግሩ መሬት አያገኝም። ጀልባው ውስጥ ትርፍ መቅዘፊያና ውሃ መቅጃ ጣሳ መኖሩን እዩ። አምስታችሁም በአንዴ ካልተመቻችሁ ሁለት ጊዜ ውጡ። ቢራው ከጀልባ በኋላ ነው፣ እዚህ ላይ ክርክር የለም።

ከ2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት የቆሮሶ ሰዓት ነው። ቆሮሶ ቀን የሚመገብ አሳ ነው፣ ፀሐይ ውሃውን ማሞቅ ስትጀምር ወደ ዳር ይጠጋል። ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ሦስት ሜትር የሚሆን ቀርከሃ ወይ ቀላል ዘንግ፣ ቀጭን የናይለን ክር፣ ከአሳው አፍ ጋር የሚሄድ ትንሽዬ መንጠቆ፣ ከመንጠቆው አንድ ስንዝር በላይ እንደ ምስር ፍሬ ያለች እርሳስ፣ ከእሷ በላይ አንድ ሜትር ላይ ተንሳፋፊ፣ የጠርሙስ ቡሽ ይበቃል። የጀማሪ ስህተት ትልቅ መንጠቆ ነው። የቆሮሶ አፍ ትንሽ ነው፣ ትልቅ መንጠቆ ላይ ያለውን ምግብ ከዳር ዳር ለቅሞ ይጨርስባችሁና እናንተ አሳ የለም ትላላችሁ። ተንሳፋፊውም ትልቅ ከሆነ ሲነክስ አያሳያችሁም።

ምግቡ ትል ነው፣ ከኩሽና ጀርባ እርጥብ አፈር ቆፍራችሁ ቅዳሜ ጠዋት ከነአፈሩ በጣሳ ያዙ፣ ክዳኑን ብሱት። ትል ካጣችሁ የዳቦ ዱቄት በትንሽ ውሃ ጠንከር አድርጋችሁ አቡኩ፣ ብጭቅ ያለ ጥጥ አብራችሁ እሹበት፣ ጥጡ ሊጡን ይይዘዋል፣ ያለሱ ሊጡ ውሃ ሲነካ ይሟሟል። እንደ ሽንብራ ፍሬ አድርጋችሁ መንጠቆው ጫፍ ላይ ብቻ። ከመጀመራችሁ በፊት እፍኝ የራሰ የዳቦ ፍርፋሪ ምትጥሉበት ቦታ ላይ በትኑና ሩብ ሰዓት ዝም በሉ። ከዚያ ተንሳፋፊውን እዩ። መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ይሄኔ አትሳቡ፣ አሳው እየቀመሰ ነው። ከዚያ ወደ አንድ ጎን መንሸራተት ወይም ቀስ ብሎ መስመጥ ይጀምራል፣ ያኔ የእጃችሁን አንጓ ብቻ ወደ ላይ ቀልበስ፣ በጉልበት አይደለም፣ የአሳው ከንፈር ስስ ስለሆነ ይቀደዳል። ግማሽ ሰዓት ምንም ከሌለ ተንሳፋፊውን አንድ ስንዝር ወደ ላይ ወይ ወደ ታች አንቀሳቅሱት እንጂ ቦታ አትቀይሩ።

ስትይዙት በእርጥብ እጅ ያዙት፣ የጀርባውን እሾህ ከራሱ ወደ ጭራው ደባብሳችሁ አስተኙት፣ አለበለዚያ ይወጋል። አምባዛ ከሆነ ደግሞ በሁለቱም ጎን ክንፉ ላይ ያለው እሾህ ክፉ ነው፣ ከክንፉ ኋላ በጨርቅ ያዙት። ቆሮሶ ስትይዙ አፉን እዩ፣ ሴቷ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ነው ምታሳድገው፣ ቢጫ ፍሬ ነገር ከአፏ ከወጣ ወዲያው መልሷት። ከመዳፍ ያነሰውንም መልሱ። ትንሽ ሐይቅ ነው፣ አፏ ውስጥ ጫጩት የያዘችው አንዷ ከተያዘች አብረዋት የሚጠፉት ብዙ ናቸው።

ስለ ምግቡ አንድ ነገር። ታህሳስ የነቢያት ጾም ነው፣ ከመሀላችሁ በጾም አሳ የሚበላ አለ፣ የማይበላም ሊኖር ይችላል፣ ቀድማችሁ ተጠያየቁና ማደሪያው ለሁላችሁም የሚሆን እንዲያዘጋጅ ንገሩ፣ እዚያ ደርሶ አንዱ ሽሮ ሲጠብቅ ሌላው ሲበላ ማታው ደስ አይልም። በጾም የአሳ ፈላጊ ስለሚበዛ ዋጋውም ይጨምራል፣ ስለዚህ አጥምደን እንበላለን ብቻ ብላችሁ አትተማመኑ፣ ለቅዳሜ ማታ የሚሆን አሳ ኩሽናው እንዲያስቀምጥላችሁ ሐሙስ ስትደውሉ እዚያው እዘዙ። ለብለብ ከሆነ በአዋዜ፣ ሙሉ ጥብስ ከሆነ ግን ጎኑ ላይ ሁለት ሦስት ቦታ ተሰንጥቆ ጨውና ሎሚ ገብቶበት ይሁን፣ ሳይሰነጠቅ የተጠበሰ አሳ ውጩ ደርቆ አከርካሪው ጋ ጥሬ ይቀራል።

እሁድ የያዛችሁትን ወደ ቤት ልትወስዱ ካሰባችሁ እዚያው ሆድ ዕቃውንና ስንጥቡን አውጡት፣ ቶሎ የሚበላሸው ከዚያ ነው። በንፁህ የቧንቧ ውሃ እጠቡት፣ በሐይቁ ውሃ አይደለም። ከዚያ በረዶ ባለበት ሳጥን ውስጥ፣ በረዶው ከላይም ከታችም ይሁን፣ ውሃው እየቀለጠ የሚወጣበት ቀዳዳ ይኑረው፣ በቀለጠ ውሃ የተዘፈዘፈ አሳ ሥጋው ይላሽቃል። ከሰዓት 9 ሰዓት ሳይሞላ ውጡ፣ እሁድ ማታ የዱከምና የገላን መንገድ ስለሚጨናነቅ በረዶው መንገድ ላይ ያልቅባችኋል።